አራት ተርጓሚ፣ አንድ መመሪያ፦ የሙዳየ ቃላት አሠራር

ነገሩ ከኩሽኔታ ይጀምራል

ለትርጉም ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማቀርበው አንድ ሥራ አለ። በናፍጣ የሚሠራ የመስኖ ውሃ ፓምፕ መመሪያ ነው፤ 180 ገጽ፣ ዘጠኝ ምዕራፍ። አራት ሰዎች ምዕራፎቹን ተከፋፍለው ወደ አማርኛ ይመልሱታል። ሁሉም ጎበዞች ናቸው፤ እያንዳንዱ የሠራው ምዕራፍ ለብቻው ሲነበብ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ የሚታየው መጽሐፉ ሲጠረዝ ነው።

በሦስተኛው ምዕራፍ «ኩሽኔታ» የተባለው ዕቃ በአምስተኛው «ቤሪንግ»፣ በሰባተኛው ደግሞ «ተሸካሚ» ሆኖ ይገኛል። ሦስቱም ስሕተት አይደሉም። ነገር ግን የጥገናው ሰንጠረዥ «ተሸካሚውን ግሪስ ይቀቡ» ሲል፣ ገበሬው ሞተሩ የተቀመጠበትን የብረት መቆሚያ ቢቀባ ማን ይፈርድበታል? ሞተሩን የተሸከመው እሱ ነውና። ኩሽኔታው ግን ደርቆ ይሽከረከራል፤ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ይግላል፣ በመጨረሻ ዘንጉን ይዞ ይቆማል።

ይህን የሚከላከለው ሙዳየ ቃላት ነው። ብዙ ሰው ሙዳየ ቃላት ሲባል በመጽሐፍ መጨረሻ የሚታተመውን ዝርዝር ያስባል። እኔ እዚህ የምለው ተርጓሚዎቹ ሥራ ሳይጀምሩ ስለሚሠራው፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ከእጃቸው ስለማይለየው የውሳኔ መዝገብ ነው።

መጀመሪያ ዕቃው፣ ቀጥሎ ቃሉ

አዲስ ተርጓሚ መዝገቡን የሚጀምረው የእንግሊዝኛውን ቃላት በፊደል ተራ ደርድሮ ከጎናቸው አማርኛ በመሙላት ነው። ይህ መንገድ ሩቅ አያስኬድም፤ ምክንያቱም አንድ የባዕድ ቃል ሁለት ነገር ሊይዝ ይችላል፣ ሁለት ቃልም አንድን ነገር ሊጠራ ይችላል። የመዝገቡ አንድ መስመር መያዝ ያለበት አንድን ቃል ሳይሆን አንድን ነገር ነው።

በፓምፑ መመሪያ ውስጥ ይህ በደንብ የሚታይበት ቦታ «ፕራይም ማድረግ» የሚለው ነው። በአራተኛው ምዕራፍ ስለ ውሃው ፓምፕ ይናገራል። ይህ ዓይነቱ ፓምፕ አየር ስቦ ውሃ ማምጣት አይችልም፤ ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ሆዱ በውሃ መሞላት አለበት። በስድስተኛው ምዕራፍ ግን ቃሉ ስለ ሞተሩ ነው፤ በናፍጣው መስመር አየር ከገባ ሞተሩ አይነሳም፣ ስለዚህ በትንሿ የእጅ ፓምፕ ናፍጣውን እየገፉ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። በአንዱ ውሃ ይገባል፣ በሌላው አየር ይወጣል፤ እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ይበቃዋል።

ከተርጓሚዎቹ አንዱ ለሁለቱም «ማዘጋጀት» ብሎ አለፈ። «ፓምፑን ያዘጋጁ፣ ከዚያ ሞተሩን ያስነሱ» የሚለውን ያነበበ ሰው ፓምፑን ጠርጎ፣ ቱቦውን አስተካክሎ በደረቁ ያስነሳዋል። የዘንጉ ውሃ መከላከያ የሚቀዘቅዘው በዚያው በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ፣ በደረቁ ሲሠራ ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ፓምፑ በዘንጉ በኩል ያንጠባጥባል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ሁለት መስመር ሆነ፦ «ፓምፑን በውሃ መሙላት» እና «ከናፍጣ መስመር አየር ማስወጣት»። ረዘም ይላሉ፤ ግን አንባቢው ምን እንደሚያደርግ ይነግሩታል።

ስሙን ከማን እንጠይቅ?

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በተርጓሚ ጠረጴዛ ላይ መኖር አለበት። ሆኖም የማሽን ዕቃ ስም በአገራችን ብዙውን ጊዜ የተወለደው ጋራዥ ውስጥ ነው። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን ከጣሊያንኛ መጥተው ሥር ሰደዋል። ገበሬው ዕቃው ሲሰበር ሶማሌ ተራ ሰው ልኮ የሚያስገዛው በእነዚህ ስሞች ነው። ለኩሽኔታ አዲስ የግዕዝ ቃል ፈጥሮ መጻፍ ለቋንቋው መቆርቆር ይመስላል፤ ለሻጩ ግን ምንም አይነግረውም። የእኔ አቋም፣ ሕያው ስም ያለውን ዕቃ እንደ ስሙ መጥራት፣ አዲስ ቃል መፍጠርን ስም ለሌለው ነገር ማቆየት ነው።

ስትጠይቁ አጠያየቁን ጠንቀቅ በሉ። መካኒኩን «ቤሪንግ በአማርኛ ምን ይባላል?» ካላችሁት ሊያስደስታችሁ ብሎ ያሰላስልና «ተሸካሚ መሰለኝ» ይላችኋል። ዕቃውን ራሱን ወይም ሥዕሉን አስቀምጡና «ይህን ልጁን አምጣ ስትለው ምን ብለህ ነው የምትልከው?» በሉት። ሳያስብ የሚመልሰው ቃል ነው ወደ መዝገቡ የሚገባው። ሁለት ሦስት መካኒኮች ጠይቁ፤ ከተለያዩ ልዩነታቸውን ጻፉ፣ አንዱን ምረጡ።

አንድ መስመር ምን ይይዛል?

የኩሽኔታው መስመር ይህን ይመስላል፦

ነገሩ፦ የሚሽከረከር ዘንግ በቀላሉ እንዲዞር የሚይዘው ባለ ብረት ኳስ ቀለበት፤ ሥዕል 12፣ ቁጥር 7።
የሚጻፈው፦ ኩሽኔታ፤ ሲበዛ ኩሽኔታዎች።
የማይጻፈው፦ ቤሪንግ፣ ተሸካሚ።
ምክንያት፦ በገበያ የሚታወቀው በዚህ ስም ነው፤ «ተሸካሚ» ከሞተሩ መቆሚያ ጋር ይምታታል።
የተወሰነበት ቀንና የወሰነው ሰው።

ከእነዚህ ሁሉ አብዝቼ የምከራከርለት «የማይጻፈው» የሚለው ነው። የተመረጠውን ቃል ብቻ የሚያይ ተርጓሚ፣ የራሱ የለመደው ቃል መከልከሉን አያውቅም። የተከለከሉት ቃላት ከሌሉ ደግሞ በመጨረሻ ምን ብለን እንደምንፈትሽ አይታወቅም።

የፊደሉም ነገር እዚሁ ይወሰናል። ጓርኒሲዮን ነው ጋርኒሲዮን? ውሃ ነው ውኃ? ለአንባቢ ለውጥ የለውም፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ አንዱን ሲፈልግ ሌላውን አያገኝም።

ግሶችን መርሳት የተለመደ ጥፋት ነው። ማላላት፣ መፍታትና መንቀል በመመሪያ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። «ቡሎኑን ያላሉ» ማለት ቡሎኑ ቦታው ላይ ይቆያል ማለት ነው። ተርጓሚው «ይፍቱ» ካለ፣ ቡሎኑ የያዘው ክዳን በውስጡ ባለው ግፊት ሊፈናጠር ይችላል። የትእዛዙም መልክ በአንድ ይጽና፤ አንዱ «አጥብቅ»፣ ሌላው «ያጥብቁ»፣ ሦስተኛው «ይጥበቅ» ካለ መጽሐፉ ሦስት አፍ ይኖረዋል። እኛ «ያጥብቁ»ን መረጥን።

አራቱ የአደጋ ቃላት

ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለባቸው ግን እነዚህ ናቸው። ብዙ የማሽን መመሪያዎች አንሲ ዜድ 535 የሚባለውን የአሜሪካ ደረጃ ይከተላሉ፤ በዚያም የአደጋ ቃላት ደረጃ አላቸው። የመጀመሪያው ካልተጠነቀቁ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ነው። ሁለተኛው ሊያደርስ የሚችል ነው። ሦስተኛው ቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል፣ አራተኛው ሰውን ሳይሆን ንብረትን የሚጎዳ ነው። እኛ በቅደም ተከተል አደጋ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ጥንቃቄ፣ ማሳሰቢያ አልናቸው።

በዕለት ተዕለት አማርኛ ማስጠንቀቂያና ጥንቃቄ ብዙም ስለማይለያዩ ተርጓሚ ሳያስበው ይቀያይራቸዋል። እጅ የሚቆርጠውን ቺንጋ «ጥንቃቄ»፣ ቀለም የሚያበላሸውን ሳሙና «ማስጠንቀቂያ» ካለ፣ ደረጃው ተገልብጧል። ተራ ማብራሪያ ለሚሰጠው ሳጥን «ማሳሰቢያ»ን አትስጡት፤ እሱ «ማስታወሻ» ይባል። እነዚህን ቃላት ለብቻቸው በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፍሩ።

ማን ይወስናል?

አንድ ሰው። አራቱም ይምከሩ፣ ይከራከሩ፤ መዝገቡ ላይ የሚጽፈው ግን አንድ ይሁን። አራት ሰው የሚያርመው መዝገብ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት መዝገብ ይሆናል።

ለመነሻ የዕቃ ዝርዝሩን፣ የሥዕሎቹን ስያሜዎችና የምዕራፍ ርእሶችን ማንበብ ይበቃል፤ ለዚህ ለ180 ገጹ መመሪያ ወደ 150 ያህል መስመር ነበረን። «በር»፣ «ቀን»፣ «ሰው» የመሳሰሉትን መጨመር መዝገቡን ማንም የማያየው ያደርገዋል። ተርጓሚው በሥራ ላይ አዲስ ነገር ሲገጥመው አይቁም፤ የመሰለውን ጽፎ በሁለት ቅንፍ [[እንዲህ]] አጥሮ ይለፍ፤ ጥያቄውንም ለመዝገቡ ኃላፊ ይላክ። ኃላፊው በሁለት ቀን ይመልስ። መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ሲሄድ አንድም ድርብ ቅንፍ መቅረት የለበትም።

የአማርኛ ፍለጋ ወጥመድ

ምዕራፎቹ ሲያልቁ የተከለከሉት ቃላት በኮምፒውተር ይፈለጋሉ። እዚህ ላይ የፊደላችን ጠባይ ያሳስታል። «ቤሪንግ» ብለን ስንፈልግ «ቤሪንጉን» እና «ቤሪንጎች» አይወጡም፤ ቅጥያው ሲመጣ «ግ» ወደ «ጉ» እና «ጎ» ተቀይሯል። ምንም አልተገኘም የሚለውን መልስ አምኖ መጽሐፉን ያሳተመ ሰው ይጸጸታል። መፍትሔው የመጨረሻዋን ፊደል ቆርጦ መፈለግ ነው፦

```
grep -nE "ቤሪን|ተሸካሚ" *.txt
```

ይህ ትእዛዝ ቃሉ ያለበትን ፋይልና የመስመር ቁጥር ይሰጣል። ሲቆረጥ በጣም የሚያጥር ቃል ከሆነ ግን የማይፈለገው ሁሉ ይከተላል፤ ያን ጊዜ ፊደላቱን በቅንፍ መዘርዘር ይሻላል፣ ለምሳሌ `ቫል[ቭቩቮቫ]`። ከዚያ እያንዳንዱን በዓይን ማየት ግድ ነው፤ «ጭነት ተሸካሚ» የሚል ትክክለኛ አገባብ ሊኖር ይችላልና በጅምላ አትተኩ።

አንድ ውሳኔ በመሐል ከተቀየረም ሥራው ይኸው ነው፤ ቀኑ ይጻፋል፣ አሮጌው ቃል ወደ «የማይጻፈው» ይዛወራል፣ ያለቁት ምዕራፎች እንደገና ይፈተሻሉ።

እንግዲህ ቀጣዩን መመሪያ የምትረከቡ ሁሉ፣ ምዕራፎቹን ለሰው ከማከፋፈላችሁ በፊት ዕቃዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና አንድ መካኒክ ጥሩ።