ኤተር ላቦራቶሪ ሲገባ፦ ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት የሚነበበው

የአንጀት ጥገኛ ትላትሎች እንቁላል ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን በተራ የስላይድ ምርመራ ያመልጣል። ለዚህ ነው ሰገራው ከፎርማሊንና ከኤተር ጋር ተንጦ በሴንትሪፊዩጅ የሚሽከረከረው። ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ይህን ምርመራ ሊጀምር ነው እንበል። ቀድሞ ያልተጠቀመበት ዳይኤቲል ኤተር በ500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ደረሰው። አብሮት የሚመጣው የደህንነት መረጃ ሰነድ፣ ባለሙያዎች ኤስዲኤስ የሚሉት፣ 16 ክፍሎች አሉት። የት ይቀመጥ፣ ምን ጓንት ይደረግ፣ አየሩስ እንዴት ይሁን ለሚለው መልሱ በዋናነት ያለው በክፍል 7፣ 8፣ 9 እና 10 ነው።

ከክፍል 9 ይጀምሩ። ኤተር በ35 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ትነቱ በእሳት የሚያያዘው ገና ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ ላይ ነው፤ ትነቱም ከአየር 2.6 ጊዜ ያህል ይከብዳል። የመፍያ ነጥቡ ግን የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ከፍታ ኤተር በ27 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ በደጋው ቀዝቃዛ አገር እንኳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር የተቀመጠ ጠርሙስ ሊፈላ ይችላል።

ክፍል 7 «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ ወደ ፍሪጅ ይሄዳል፤ ትልቁ ስሕተትም እዚህ ነው። የቤት ወይም የክትባት ፍሪጅ ውስጡ መብራትና የሙቀት መቆጣጠሪያ አለው፤ ከክዳኑ ሾልኮ የተጠራቀመ ትነት በአንድ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። ትክክለኛው ቦታ ጥላ ያለበት፣ አየር የሚዘዋወርበት፣ ከእሳትና ከማብሪያ ማጥፊያ የራቀ የብረት ቁምሳጥን ነው፤ የታችኛው መደርደሪያ ይሻላል። ክፍል 10 ደግሞ ኤተርን ከናይትሪክ አሲድና መሰል ኦክሲዳይዘሮች ያርቁ ይላል። አየርና ብርሃን ካገኘውም ቀስ በቀስ ፈንጂ ፐርኦክሳይድ ያበጃል። ስለዚህ የገባበትንና የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። በክዳኑ ዙሪያ ነጭ ክሪስታል ካዩ አይክፈቱት፣ አያንቀሳቅሱትም፤ ለኃላፊው ያሳውቁ።

ጓንቱን ክፍል 8 ላይ ያገኙታል። «ጓንት ያድርጉ» በሚለው አይርኩ፤ የጓንቱን ዓይነት፣ ውፍረቱንና ኬሚካሉ ሰንጥቆ የሚያልፍበትን ደቂቃ ይፈልጉ። ነጩ የላቴክስ የምርመራ ጓንት ለኤተር አይበቃም። ናይትራይል ከእሱ ቢሻልም ስስ ከሆነ የሚከላከለው ለአጭር ጊዜ ፍንጥቅጣቂ ብቻ ነው፤ ከረጠበ ወዲያው አውልቀው ይጣሉት። ኤተሩ በብዛት የሚረጨው ቱቦው ሲናጥ ነው፤ በውስጡ ግፊት ይፈጠራልና አፉን በአውራ ጣት አይዝጉ። ቡሽ ይጠቀሙ፣ በየመሃሉ ቀስ ብለው ያስተንፍሱት፣ የዓይን መከላከያ ያድርጉ።

የአየሩን ነገር በስሌት እንየው። ክፍል 8 ላይ ለ8 ሰዓት ሥራ የሚጠቀሰው የተለመደ ገደብ 400 ፒፒኤም ነው። ለአንድ ቱቦ 3 ሚሊ ሊትር፣ ለ10 ቱቦ 30 ሚሊ ሊትር ኤተር ይፈለጋል። ይህ ሁሉ ቢተን በዚህ ከፍታ 9 ሊትር ያህል ትነት ይሆናል። ስፋቱ 3 በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 30,000 ሊትር አየር ስለሚይዝ፣ መስኮቱ ከተዘጋ ውጤቱ ወደ 300 ፒፒኤም ይጠጋል። ሁለተኛ ዙር ከተሠራ ገደቡ ታለፈ ማለት ነው። ይህም ትነቱ እኩል ተሰራጭቶ ነው፤ በተግባር ግን ከባድ ስለሆነ በጠረጴዛውና በወለሉ ላይ እየተሳበ ራቅ ያለ እሳት ድረስ ይደርሳል።

ስለዚህ ብርዱን ፈርተው በርና መስኮት አይዝጉ። ፊት ለፊት ያሉትን ሁለቱንም ከፍተው ይሥሩ። በዚያ ሰዓት ስፒሪት ላምፕም ሆነ የቡና ከሰል በክፍሉም በአጠገቡ ባለው ክፍልም አይኑር። አየሩን አጣርቶ ወደ ክፍሉ የሚመልስ የባዮሴፍቲ ካቢኔት ጀርም እንጂ ትነት አያስቀርም፤ በእሱ አይተማመኑ። ራስ ምታትና ድብታ ከተሰማዎ ሥራውን አቁመው ወደ ውጭ ይውጡ።

እነዚህን ክፍሎች አንብቦ የጨረሰ ሰው አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፦ ኤተሩ የግድ ነው? አይደለም። ኤቲል አሲቴት በዚሁ ምርመራ ኤተርን ተክቶ ይሠራል፤ የሚፈላው በ77 ዲግሪ ሲሆን የፐርኦክሳይድ ሥጋቱም የኤተርን ያህል አይደለም። እሱም ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ላይ በእሳት ስለሚያያዝ የራሱን ሰነድ ማንበብ ግድ ነው። የጢስ ማስወጫ ካቢኔት የሌለው ላቦራቶሪ በሚቀጥለው ትእዛዝ ኤቲል አሲቴት ይጠይቅ፤ ኤተር ብቻ ከተገኘም በትናንሽ ጠርሙስ ይቀበል።