የሱቁ ደብተር ይናገርላችሁ

ለረዳት የማርኬቲንግ ባለሙያነት ቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ፣ ከዲግሪያችሁ ቀጥሎ የሚያስጠራችሁ የሠራችሁት ዘመቻና ያመጣው ውጤት ነው። "ትልቅ ድርጅት ውስጥ አልሠራሁም" ብላችሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ወልድያ ወይም መርሳ ላለ የዘመድ ሱቅ የሠራችሁት ማስታወቂያም ዘመቻ ነው፤ ቁጥሩ በወጉ ከተያዘ ማንም አይንቀውም።

ምሳሌ እናንሣ። አንዲት ተመራቂ መርሳ ላይ ጫማ ለሚሸጡ አጎቷ ከእንቁጣጣሽ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የቴሌግራም ቻናል ከፍታ ጫማዎቹን ከነዋጋቸው ለጠፈች እንበል። በ1,200 ብርም ፖስተር አሳትማ መናኸሪያው አካባቢ ሰቀለች። በእነዚያ ሳምንታት 70 ጥንድ ተሸጠ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት 40 ብቻ ነበር። "ሽያጭ በ75 በመቶ አሳደግሁ" ብሎ መጻፍ ያጓጓል። ልምድ ያለው ጠያቂ ግን ወዲያው "በዓል ስለሆነስ?" ይላታል፤ መልስ ካጣች የጻፈችው በሙሉ ዋጋ ያጣል።

ስለዚህ የአጎቷን የሽያጭ ደብተር ገልጣ ያምናውን የእንቁጣጣሽ መዳረሻ ትይ። በተመሳሳይ ሳምንታት 55 ጥንድ ተሸጦ ነበር። እንግዲህ ለዘመቻው ሊቆጠር የሚችለው ጭማሪ 15 ጥንድ ነው። በብር ሳይሆን በጥንድ መቁጠሯ ልብ ይባል፤ የጫማ ዋጋ ከአምና ስለጨመረ በብር ብትቆጥር እድገቱ የዋጋ ንረት ይሆንባት ነበር። ከአንድ ጥንድ 200 ብር ከተረፈ 15ቱ 3,000 ብር ያስገባሉ፤ የፖስተሩ ወጪ ሲቀነስ 1,800 ብር ይተርፋል።

እኔ በጣም የምወደው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። አጎቷ ገዢውን ሁሉ "በምን ሰምተው መጡ?" እያሉ በወረቀት ላይ ምልክት አድርገው ኖሮ፣ 12 ሰው ቴሌግራም ሲል ፖስተር ያለው 3 ብቻ ነው። ጠያቂው ፊት "በሚቀጥለው ጊዜ ፖስተሩን እተወዋለሁ፤ ገንዘቡን የበላው እሱ ነው" ስትል፣ ከራሷ ሥራ የምትማር ሠራተኛ መሆኗን በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳየች።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፉት፦ ሱቁ ምን ቸግሮት ነበር፣ እናንተ ምን ሠራችሁ፣ ስንት ወጣ፣ ከአምና ጋር ሲነጻጸር ምን ተገኘ። ፎቶውን ያነሣው ወንድማችሁ ከሆነ እሱ መሆኑን ተናገሩ፤ የራሳችሁ ድርሻ ይበልጥ ይታመናል። ኔትወርክ ሊያስቸግር ስለሚችል ስልካችሁን ብቻ አትመኑ፤ የቻናሉን ገጽ ፎቶና የደብተሩን ቅጂ አሳትማችሁ ሁለት ኮፒ ያዙ፤ አንዱን ለጠያቂዎቹ ተዉላቸው። የሱቁን ሽያጭ ከማሳየታችሁ በፊት ግን ባለቤቱን አስፈቅዱ። ብሩ እንዲታይባቸው ካልፈለጉ "ከአምናው 27 በመቶ ብልጫ" ብላችሁ መጻፍ ይበቃል።