ትኋን፣ ቁንጫ ወይስ እከክ?

አንድ ወንድማችን ለእረፍት አጅባር ሄዶ ቤተሰቡ ዘንድ አደረ እንበል። ጠዋት ክንዱ ላይ ሦስት ቀያይ እብጠቶች ተሰልፈው አገኘ። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እከክ በክልላችን በስፋት ተሰራጭቶ ስለነበር፣ እከክ ይሆናል ብሎ ሰጋ።

መጀመሪያ ቦታውን ይመልከት። ትኋን ሌሊት ያልተሸፈነውን ገላ፣ ክንድና አንገትን፣ ትነክሳለች። ቁንጫ በብዛት ቁርጭምጭሚትንና ከጉልበት በታች ትነክሳለች። እከክ ግን በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብትና በወገብ ይወጣል፤ ማታ ማታም ይብሳል።

ንክሻው ብቻውን ሊያሳስት ስለሚችል ቀጥሎ አልጋውን ይፈትሽ። በፍራሹ ስፌትና በእንጨቱ መጋጠሚያ ጥቁር ነጠብጣብ ካየ የትኋን ኩስ ነው። ወንድማችን ያገኘው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የእከክ ቅባት አይጠቅመውም፤ አንሶላውንና ልብሱን በፈላ ውኃ ይጠብ፣ ወደ ዶርም ከመመለሱ በፊትም ሻንጣውን ይፈትሽ።

እከክ ቢሆን ኖሮ ግን ጤና ጣቢያ መሄድ ነበረበት። እከክ በገላ ንክኪ ይተላለፋል፤ መጀመሪያ ለተያዘ ሰው ማሳከኩ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ አብረውት የሚኖሩት ባያሳክካቸውም በአንድ ቀን አብረው ይታከማሉ።