የሥራ ልምድ ደብዳቤው የእውነት ነው ወይስ የተሠራ?

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ባቱ፣ የእርሻ ግብዓት የሚሸጥ ባለሱቅ የንብረት ክፍል ሠራተኛ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ቢለጥፍ አመልካቾች ከአካባቢው የአበባ እርሻዎች፣ ከአዳማና ከሐዋሳ ሊመጡለት ይችላሉ። ባለሱቁ የሰው ኃይል ክፍል የለውም። የሥራ ልምድ ደብዳቤውን የሚመረምረውም፣ የመጋዘኑን ቁልፍ የሚያስረክበውም ራሱ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ይዘቱን ማንበብ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ሠራተኛው ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ደመወዙን ትቶ ስለ ታታሪነትና ታማኝነት ብቻ የሚያወራ ደብዳቤ ጥያቄ ሊያስነሳ ይገባል። ቀጥሎ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ማየትና ቀለሙ በፊርማው ላይ ማረፉን ወይም ከጽሑፉ ጋር አብሮ መታተሙን መለየት ነው፤ ግን ማኅተም ማስቀረጽ ስለሚቻል እውነተኛ ቀለም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ከማኅተሙ ይልቅ ቀኑ ብዙ ይናገራል። እንበል፣ አንዱ አመልካች ሐዋሳ ካለ ሆቴል በመጋቢት 2010 የተጻፈ ደብዳቤ አቀረበ። አናቱ ላይ «ሲዳማ ክልል» የሚል አድራሻ ታትሟል፣ ከግርጌው በ07 የሚጀምር የሞባይል ቁጥር አለ። ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል የሆነው በ2012 ነው። በ07 የሚጀምሩት የሳፋሪኮም ቁጥሮች ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ አገልግሎት የጀመሩት በ2015 መግቢያ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ወረቀት በ2010 ሊጻፍ አይችልም። «ጳጉሜ 6 ቀን 2014» የሚል ቀንም እንዲሁ የለም፤ በቅርብ ዓመታት ጳጉሜ ስድስት ቀን የሆነችው በ2011 እና በ2015 ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሚመዘነው ደብዳቤው የወጣበት ቀን እንጂ አመልካቹ የሠራበት ዘመን አይደለም። የ2010ሩን አገልግሎት የሚገልጽ ነገር ግን በ2016 የወጣ ደብዳቤ አዲሱን አድራሻ ቢይዝ ምንም ነውር የለበትም።

ቀጣሪን የሚጥለው ደረጃ ስልኩ ነው። ደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥር ላይ አይደውሉ! ወረቀቱን የሠራ ሰው ስልኩንም የሚያነሳለት ሰው አዘጋጅቷል። ያ ሰው «የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ» ብሎ በትሕትና ይመልሳል፣ አመልካቹን ያወድሳል፣ ቀጣሪውም አረጋገጥሁ ብሎ ቁልፉን ይሰጣል። እንዲህ ያለው ጥሪ ጭራሽ ካለመደወል ይብሳል፤ የነበረውን ጥርጣሬ ያጠፋልና።

ቁጥሩን አመልካቹ ካልነካው ምንጭ ያግኙት፦ ከድርጅቱ ታፔላ፣ ከደረሰኙ፣ እዚያው ከተማ ካለ ነጋዴ ወዳጅ። የድርጅቱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካለ በንግድ ሚኒስቴሩ etrade.gov.et ላይ ንግድ ፈቃዱን መፈለግ ይቻላል። ድርጅቱ አዳማ ከሆነና መደበኛ ስልክ ከተሰጠ ደግሞ መነሻው 022 መሆኑን ይመልከቱ።

ስልኩ ሲነሳልዎ የደብዳቤውን ይዘት አያንብቡለት። «እገሌ ከ2008 እስከ 2010 ንብረት ክፍል ሠርቷል አይደል?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አፉ ላይ ማስቀመጥ ነው። ስሙን ብቻ ይንገሩና ምን ይሠራ እንደነበር፣ መቼ እንደገባና መቼ እንደለቀቀ እነሱ ይንገሩዎ። ቀጥሎ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ሰጥተው መዝገብ ቤቱ ከወጪ ደብዳቤ መዝገቡ ጋር እንዲያመሳክር ይለምኑ። በዚያ ቁጥር የወጣው የጥበቃ ዩኒፎርም ግዢ ደብዳቤ ከሆነ ነገሩ አለቀ። መዝገብ የማይዝ ትንሽ ድርጅት ከሆነ ግን የቁጥሩ አለመገኘት ማስረጃ አይሆንም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከሁሉም የሚያስቀድመው አቋራጭ አለ። አመልካቹ ደመወዝ በባንክ ይገባለት ከነበረ፣ የዚያን ዘመን የሒሳብ መግለጫ ራሱ ከባንኩ አውጥቶ እንዲያመጣ ይጠይቁት። በየወሩ የገባው ገንዘብ ደብዳቤው ላይ ካለው ደመወዝ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ ከሚቀረው ጋር መቀራረብ አለበት። ደመወዙን በእጁ ይቀበል የነበረ ሰው ይህን ማቅረብ ስለማይችል በዚህ ብቻ አይጣል።

የፊደል ግድፈት፣ ደብዛዛ ማኅተም፣ የተዘጋ ድርጅት የሐሰት ምልክት ናቸው ብለው አይቸኩሉ። ሐቀኛ ሠራተኛም በችኮላ የተጻፈ ደብዳቤ ይሰጠዋል። ማረጋገጫው እስኪደርስ ሠራተኛው ካስፈለገዎ በጽሑፍ በሙከራ ይቅጠሩት፤ አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። በእነዚያ ቀናት የመጋዘኑ ቁልፍ እርስዎ ጋ ይቆይ።