«በጾም ይቆይ» የሚለውን ለአሥር ዓመት ልጅ መጻፍ

ሽሮ ሜዳ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምናስጠናቸው ልጆች አንዱ ቶንሲሉን በቀዶ ሕክምና እንዲያስወጣ ቀጠሮ ተያዘለት። አሥር ዓመቱ ነው፤ አራተኛ ክፍል ይማራል። እናቱ ከሆስፒታል የተሰጣቸውን ወረቀት ይዘው መጡና «እስቲ እሱ በሚገባው አድርጋችሁ ጻፉለት» አሉን። ዋናው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«ታካሚው በሙሉ ማደንዘዣ ለሚደረገው የቶንሲል ቀዶ ሕክምና ከ6 ሰዓት በፊት ጀምሮ በጾም መቆየት ይኖርበታል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የደም መፍሰስ ምልክት ከተስተዋለ በአስቸኳይ ለጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል።»

መጀመሪያ የመሰለን ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ማሳጠር ይበቃል የሚል ነበር። አሳጠርነው፣ ልጁም ጥርት አድርጎ አነበበው። «ገባህ?» ብንለው «አዎ» ማለቱ አይቀርም። መድረሳ ግን ኡስታዙ «ገባህ?» አይልም፣ «አሰማ» ነው የሚለው፤ እኛም በራሱ ቃል እንዲነግረን ጠየቅነው። «ጠዋት ቁርሴን እበላለሁ፤ ከዚያ 6 ሰዓት ሳይሞላ መጾም እጀምራለሁ» አለ።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። በአማርኛ «6 ሰዓት» የቀኑ እኩሌታም ነው፣ የስድስት ሰዓት ርዝመትም ነው። ቀዶ ሕክምናው የተያዘው ለጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ሲቆጠር ሌሊት 9 ሰዓት ይሆናል። ልጅ እንዲህ እንዲያሰላ መተው አያስፈልግም። «እራትህን ብላና ተኛ፤ ጠዋት ምንም አትብላ» ማለት ይበቃል።

«ጾም» የሚለው ቃል ደግሞ የባሰ ነው። ለእኛ ልጅ ጾም ማለት ውሃም አለመጠጣት ነው። አጠገቡ ለሚቀመጠው ክርስቲያን ጓደኛው ግን ሽሮ በጾም ይበላል፤ ሥጋና ወተት ብቻ ነው የቀረው። አንዱ ከሚገባው በላይ ይጠማል፣ ሌላው ሽሮ በልቶ ይመጣል። ስለዚህ ቃሉን አውጥተን የሚበላውንና የማይበላውን በስሙ ጠራን። ውሃውን በራሳችን መወሰን ስለማንችል እናቱ የማደንዘዣ ባለሙያውን ጠየቁ። ንጹህ ውሃ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ሲቀረው ይቻላል፤ ወተት ግን እንደ ምግብ ይቆጠራል አሏቸው።

ምክንያቱንም መተው አልፈለግንም፤ ምክንያቱን ያላወቀ ልጅ ተደብቆ ዳቦ ይበላል። መድኃኒቱ ሲያስተኛው ሰውነት የአየር ቧንቧውን መጠበቅ ያቆማል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

«ማደንዘዣ» ሲባልም ልጁ «እደነዝዛለሁ?» ብሎ ደነገጠ፤ ደንዛዣ ተማሪ የሚባለው መስሎት። «ታንቀላፋለህ» እንዳንል፣ «አንቀላፋ» ለሞተ ሰውም ይባላል። በመጀመሪያ ረቂቃችን ላይ ያሰፈርነውን «ምንም አያምህም» ደግሞ ሰረዝነው። እውነት አይደለም፤ ከነቃ በኋላ ጉሮሮው ያመዋል።

የመጨረሻው «የደም መፍሰስ ምልክት» ነው። ልጅ ደም ሲባል ከአፍ ሲፈስ ነው የሚታየው። ቶንሲል ላይ ግን ልጆች ደሙን ይውጡታል፤ ምልክቱ ቶሎ ቶሎ መዋጥ ነው። የሚያሰጋው ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን፣ ቁስሉ ላይ ያለው ነጭ ሽፋን የሚላቀቅበት ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ያለው ጊዜም ነው። ያ ነጭ ነገር መግል አይደለም፤ ይህን ለእናቱ ለብቻ ጻፍንላቸው።

የደረስንበት ጽሑፍ ይኸው፦

«ሐኪሙ ቶንሲልህን በአፍህ በኩል ያወጣል። ማታ እራትህን ብላ። ጠዋት እንጀራ፣ ዳቦ፣ ብስኩት አትብላ፤ ወተትም አትጠጣ። እናትህ ውሃ ብቻ ይሰጡሃል፤ ‹በቃ› ሲሉህ አቁም። ሆድህ ባዶ ካልሆነ ምግቡ ወደ ሳንባህ ሊገባ ይችላል። ሐኪሞቹ የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጡሃል። ቶንሲልህ ሲወጣ አይሰማህም። ሲያበቃ መድኃኒቱን ያቆማሉ፣ አንተም ትነቃለህ። ከዚያ ጉሮሮህ ለብዙ ቀን ያምሃል፤ የሚያስታግስ መድኃኒት ይሰጥሃል። ቶሎ ቶሎ መዋጥ ካስፈለገህ ወይም ቀይ ደም ከተፋህ፣ ሌሊትም ቢሆን እናትህን ቀስቅስ።»

ከወረቀቱ አንቀጽ በጣም ረዘመ፤ ማቅለል ማሳጠር አለመሆኑን ያየነው እዚህ ላይ ነው። ሌላም ችግር አለ፦ «ታካሚው» ለወንድም ለሴትም ያገለግል ነበር፣ «ብላ» ግን ለሴት ልጅ «ብዪ» ይሆናል። ሁለት ቅጂ መጻፍ ግድ ነው።

ልጁ እንደገና አሰማን፣ በዚህ ጊዜ አልተሳሳተም። ከዚያ አፉን ከፍቶ የሚነቃነቅ ጥርስ አሳየንና «ይሄስ?» አለ። እኛ አላሰብነውም፤ ወረቀቱም ላይ የለም። እናቱ ለማደንዘዣ ባለሙያው ሲነግሩት ጥሩ አደረጋችሁ አላቸው፤ የመተንፈሻ ቱቦ በአፍ ሲገባ ጥርሱ ወልቆ ወደ አየር ቧንቧ ሊወርድ ይችላል። እኛም አንድ መስመር ጨመርን፦ «የሚነቃነቅ ጥርስ ካለህ ለሐኪሙ አሳይ።»