የሕክምና መላኪያ ማስታወሻ አጻጻፍ

በጅቡቲ ከተማ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በዚህ ሐሩር የቆዳ ሽፍታ የተለመደ ስለ ሆነ፣ በአንድ ክሊኒክ ያለች ነርስ አጠራጣሪውን ከተራው መለየት ይኖርባታል። የቆዳ ሐኪም በአቅራቢያዋ ከሌለ፣ የሽፍታውን ፎቶግራፍ ከማስታወሻ ጋር ሩቅ ላለ ሐኪም ትልካለች። ለምሳሌ ያህል፣ ማስታወሻው በ1965 (እ.ኤ.አ.) ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና በአዲስ አበባ ወደ ተቋቋመው ወደ አለርት የሚላክ ነው እንበል።

ፎቶግራፉ በቀን ብርሃን፣ ማስመሪያ ከምልክቱ አጠገብ ተደርጎ፣ አንዱ ከሩቅ ሌላው ከቅርብ ይነሣል። ይሁን እንጂ ጭርትና የሥጋ ደዌ ምልክት በፎቶግራፍ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ቆዳው ስሜት ያለው መሆኑን ፎቶግራፍ አያሳይም፤ ሁለቱን የሚለየው ግን በተለይ ይኸው ነው። ስለዚህ ነርሷ በዓይን የሚታየውን ብቻ ሳይሆን በእጇ የመረመረችውንም እንዲህ ስትል ትጽፋለች፦

«በሽተኛው የ22 ዓመት ወጣት፣ በወደብ የቀን ሠራተኛ ነው። በግራ ክንዱ ላይ፣ ከክርኑ በታች፣ አንድ ምልክት ከ8 ወር በፊት ወጥቶ ቀስ በቀስ ሰፍቷል። ርዝመቱ 6፣ ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዙሪያው ቆዳ ይነጣል፤ ጠርዙ ሲዳሰስ ጥቂት ከፍ ይላል። አያሳክክም፤ አይቀረፍም። በሌላው ሰውነቱ ምልክት አልተገኘም። የጭርት ቅባት ለ4 ሳምንት ቢቀባም አልተለወጠም። ዓይኑን ጨፍኖ በጥጥ ጫፍ 10 ጊዜ ሲነካ፣ በምልክቱ ላይ የተሰማው 2 ጊዜ ብቻ ነው፤ በቀኝ ክንዱ ግን 10ሩም ተሰምቶታል። ሲሠራ ክንዱ በላብ ሲርስ ምልክቱ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። የጣቶቹ ኃይል አልቀነሰም። የሥጋ ደዌ ይሆን? ምን ምርመራ ይደረግለት?»

በዚህ ማስታወሻ «መጥፎ ሽፍታ» የሚል ቃል የለም። «መጥፎ» የነርሷን ስጋት እንጂ የቆዳውን ሁኔታ አይገልጽምና። «ቀይ ሆኗል» ማለትም በጥቁር ቆዳ ላይ ያሳስታል፤ በነጭ ቆዳ ቀልቶ የሚታየው በጥቁር ቆዳ ላይ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ሊመስል ይችላል። ከዙሪያው ቆዳ ጋር ማነጻጸር ይሻላል። የላቡ ነገር በቀዝቃዛ አገር በቀላሉ አይስተዋልም፤ በጅቡቲ ግን በሽተኛው ራሱ አስተውሎ ሊናገረው ይችላል።

ሐኪሙ ስሜት መጥፋቱን ሲያነብ ስለ ጭርት ያለው ግምት ይዳከማል። ከቆዳው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቃል። ምልክቶቹ ከ5 ሳይበልጡ ባክቴሪያ ካልታየ ሕክምናው 6 ወር፣ ከበለጡ ወይም ባክቴሪያ ከታየ 12 ወር ነው። «ሌላ ምልክት አልተገኘም» የምትለው አጭር ዐረፍተ ነገር የ6 ወር ልዩነት ልታመጣ ትችላለች ማለት ነው።

መልመጃ፦ ወጣቱ የጥጡን ንክኪ 10 ጊዜም ለይቶ፣ ምልክቱም የሚያሳክክና የሚቀረፍ ሆኖ ቢገኝ፣ ነርሷ የምትጽፈውን ማስታወሻ አዘጋጁ።