ጣሪያን የሚያነሣ ነፋስ፤ ካፕሪያታ ከግድግዳ ጋር እንዴት ይታሰር?

በአዳማ ዙሪያ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ ነው። ያው ነፋስ በጣሪያ ላይ ሲያልፍ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ይስባል፤ የተከፈተ በር ካገኘም ከውስጥ ይገፋል።

ወርዱ 6 ሜትር የሆነ፣ ካፕሪያታዎቹ በየ1.5 ሜትሩ የቆሙለት የሰበካ አዳራሽ አለ እንበል። በሰከንድ 30 ሜትር የሚጓዝ ነፋስ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር 55 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ሊስብ ይችላል። ቆርቆሮውና እንጨቱ የሚመዝኑት ግን 15 ኪሎ ገደማ ነው። ቀሪው 40 ኪሎ በ9 ካሬ ሜትር ሲባዛ 360 ይሆናል፤ ይህም በካፕሪያታው በእያንዳንዱ ጫፍ 180 ኪሎ ማለት ነው። ክፍክፉ ረዘም ካለ ከዚህም ይበልጣል።

ሚስማር የጎን ግፊትን ይችላል፤ በቁመቱ ሲሳብ ግን ይነቀላል። ስለዚህ አርማታው ከመሞላቱ በፊት በየካፕሪያታው መቀመጫ ፌሮ በቶፕ ታይ ቢሙ ውስጥ ይቀበራል፤ ካፕሪያታው ሲቆምም ፌሮው በታችኛው እንጨት ላይ ዞሮ አጥብቆ ይታጠፋል።

ብዙ ግንበኞች እዚህ ያቆማሉ፤ እኛ ግን በቂ ነው አንልም። 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቢም በ1.5 ሜትር ርዝመቱ የሚመዝነው 144 ኪሎ ብቻ ስለሆነ፣ 180ውን በራሱ ክብደት አይዝም። ከሥሩ ያለው ብሎኬትም በሲሚንቶ ከመጣበቅ በቀር አይጎትተውም። የምሰሶዎቹ ፌሮ ከመሠረት ተነሥቶ በቢሙ ውስጥ መታጠፍ አለበት። ኮሚቴው ይህን አርማታ ከመሞላቱ በፊት፣ የካፕሪያታውን ማሰሪያ ደግሞ ኮርኒስ ከመመታቱ በፊት መሰላል ላይ ወጥቶ ይመልከት፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም አይታዩም።